የትኛው ደጅ ይከፈታል? የሥራ ፍለጋን በየምንጩ ቆጥሮ ስለ መመዘን

(በደብረ ብርሃን ለተመራቂ ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው ከቀረበ ትምህርታዊ ንግግር የተገለበጠ)



በቀድሞው ዘመን ሹመት ወይም ፍርድ የሚፈልግ ሰው ወደ መኳንንት ቤት ሄዶ ደጅ ይጠና ነበር። ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት በአንድ ደጅ ቆሞ ይከርማል፤ ስንቁ ሲያልቅ አገሩ ይመለሳል፤ እንደገና ስንቅ ቋጥሮ ይመጣል። ብልህ ደጅ ጠኚ ግን አንድ ነገር ያስተውል ነበር። ከእርሱ ጋር ከቆሙት መካከል ማን ገባ? በየትኛው በር ገባ? ስንት ቀንስ ቆየ? ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ከዚህ ብዙም የራቀ አይደለም። ልዩነቱ የዛሬው ደጅ ጠኚ በአምስትና በስድስት ደጆች በአንድ ጊዜ መቆሙና የትኛው እንደሚከፈትለት በስሜት እንጂ በቁጥር አለማወቁ ነው።

ነገሬን በአንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደብተር ላይ አቆማለሁ። ማንነቱ እንዳይታወቅ አንዳንድ ዝርዝሮችን ቀይሬያለሁ፤ ፈቃዱንም ጠይቄያለሁ። ወጣቱ በመሐል ሜዳ አቅራቢያ ከሚገኝ ገጠር የመጣ፣ በሂሳብ አያያዝ የተመረቀ ልጅ ነው። በጥር ወር መጨረሻ ቢሮዬ መጥቶ እንዲህ አለኝ፦ «መምህር፣ ከመስከረም ወዲህ ከመቶ በላይ ማመልከቻ አስገብቻለሁ። አባቴ ሦስት በግ ሸጠልኝ፤ እናቴ ለባና ያሰናዳችውንም ሱፍ ሸጠች። አራተኛውን በግ እንዲሸጥ ልጠይቀው ወይስ ልተወው?»

ጥያቄው በጎ ጥያቄ ነበር፤ ምክንያቱም የሚመለስ ጥያቄ ነው። «ከመቶው ማመልከቻ ስንቱ ቃለ መጠይቅ አስገኘልህ? ከየት ከየት የመጡትስ ናቸው?» ብዬ ብጠይቀው ቀጥተኛ መልስ አልነበረውም። «ብዙውን ጊዜ በቴሌግራም ነው የማገኘው» አለኝ። ያገኘው ማስታወቂያውን ነው፤ ቃለ መጠይቁን አይደለም። ሁለቱ በአእምሮው ተደባልቀውበት ነበር። ስልኩን፣ የላካቸውን መልእክቶችና የትራንስፖርት ደረሰኞቹን ይዘን ሁለት ከሰዓት በኋላ ተቀመጥንና የአምስቱን ወራት ታሪክ በደብተር ላይ መልሰን ጻፍነው።

ደብተሩ

ለእያንዳንዱ ማመልከቻ አንድ መስመር ሰጠን። በመስመሩ ላይ ያሰፈርናቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው፦ ማስታወቂያው መጀመሪያ የታየበት ምንጭ፣ ማመልከቻው የገባበት መንገድና ቀን፣ የተጠየቀው የሥራ ልምድ፣ የተደረገው ጉዞ ብዛት፣ የመጣው ምላሽ ዓይነትና ቀን። ከዚህ በላይ አያስፈልግም። ብዙ ዓምድ ያለው ደብተር በሁለተኛው ሳምንት ይተዋል።

የደረስንበት ድምር ይህ ነው። «ጉዞ» ማለት ለማስገባት፣ ለፈተናና ለቃለ መጠይቅ ከቤቱ ወደ ደብረ ብርሃን ወይም ወደ አዲስ አበባ ደርሶ የተመለሰበት ነው።

| ምንጭ | ማመልከቻ | ማንኛውም ምላሽ | ቃለ መጠይቅ | ጉዞ |
|---|---|---|---|---|
| የቴሌግራም ገጾች | 48 | 3 | 1 | 2 |
| የሥራ ማስታወቂያ ድረ ገጾች | 22 | 9 | 1 | 3 |
| ጋዜጣ | 16 | 4 | 1 | 12 |
| የዞንና የወረዳ ማስታወቂያ ሰሌዳ | 11 | 6 | 2 | 10 |
| ሰው የነገረው | 9 | 5 | 4 | 4 |
| ድምር | 106 | 27 | 9 | 31 |

በመጀመሪያ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ዓምድ ለዩልኝ። ድረ ገጾቹ ዘጠኝ ምላሽ ሰጥተዋል፤ ከሁሉም የሚበልጥ ነው። ምላሾቹን አንድ በአንድ ስናያቸው ግን ሰባቱ «ማመልከቻዎ ደርሶናል፤ እናመሰግናለን» የሚሉ፣ ማንም ሰው ሳያያቸው ኮምፒውተር የላካቸው መልእክቶች ነበሩ። እንዲህ ያለው ምላሽ ለፈላጊው ልብ ደስ ይላል፤ ለደብተሩ ግን ከዝምታ አይለይም። ስለዚህ የምንቆጥረው ቃለ መጠይቁን ብቻ ነው። የጽሑፍ ፈተና በሚቀድምባቸው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለፈተና መጠራትን ለብቻው መመዝገብ ይቻላል፤ ነገር ግን ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ከመነጋገር ጋር አንድ አድርጎ መደመር አይገባም።

አሁን ቃለ መጠይቁን ለማመልከቻው እናካፍል። ቴሌግራም ከ48 አንድ፣ ማለትም ሁለት በመቶ ያህል ነው። ድረ ገጽ ከአራት እስከ አምስት በመቶ፣ ጋዜጣ ስድስት በመቶ ያህል፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ 18 በመቶ፣ ሰው የነገረው ደግሞ 44 በመቶ ይሆናል። ወጣቱ ከማመልከቻዎቹ ግማሽ የሚጠጋውን ያዋለበት ምንጭ ከሁሉም ያነሰ ፍሬ የሰጠው ነበር።

ሁለተኛው ሚዛን፦ በጉ

እዚህ ላይ ብናቆም ግን እንሳሳታለን። ጋዜጣ በመቶኛ ከቴሌግራም ሦስት እጥፍ የሚበልጥ ይመስላል። ሆኖም በጋዜጣ የወጡት አብዛኞቹ ማስታወቂያዎች ዋናውንና ቅጂውን የትምህርት ማስረጃ ይዞ በአካል መቅረብን ይጠይቁ ነበር። አንዷን የጋዜጣ ቃለ መጠይቅ ለማግኘት አሥራ ሁለት ጊዜ ተጉዟል። በቴሌግራም ያገኛት አንዷ ቃለ መጠይቅ ሁለት ጉዞ ብቻ ነው ያስወጣችው። የሰሌዳው አምስት፣ የድረ ገጹ ሦስት፣ ሰው የነገረው አንድ ጉዞ ለአንድ ቃለ መጠይቅ ነው።

ለአዲስ አበባ ልጅ ይህ ሚዛን ቀላል ሊሆን ይችላል፤ ለመንዝ፣ ለግሼና ለመርሐቤቴ ልጅ ግን ዋናው ነው። ከመሐል ሜዳ የሚነሳ ሰው በሞላሌ አድርጎ ጣርማበር ላይ ወጥቶ ነው ዋናውን መንገድ የሚይዘው፤ ከዚያም እስከ ደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ብርሃንም እስከ አዲስ አበባ ገና 130 ኪሎ ሜትር ይቀረዋል። ከዓለም ከተማ የሚነሳው ደግሞ የጀማን ሸለቆ ተሻግሮ በሙከጡሪ በኩል ነው አዲስ አበባ የሚገባው፤ ደብረ ብርሃን ለእርሱ በመንገዱ ላይ አይደለችም። ስለዚህ የአንዱ ወረዳ ልጅ ደብተር ለሌላው አይሠራም። ለመንዙ ርካሽ የሆነው የደብረ ብርሃን ሰሌዳ ለመርሐቤቴው ውድ ሊሆን ይችላል። ከጓደኛችሁ ደብተር የምትወስዱት ዘዴውን እንጂ ውጤቱን አይደለም።

ሦስቱ በጎች በአብዛኛው የት እንደ ሄዱ አሁን ግልጽ ሆነ። የበሉት የጋዜጣና የሰሌዳ ጉዞዎች ናቸው። ቴሌግራም ፍሬው ትንሽ ቢሆንም ቤተሰቡን አላራቆተም፤ የወሰደው ጊዜና ተስፋ ነው።

ከትንሽ ቁጥር ምን ያህል መናገር ይቻላል?

የስታቲስቲክስ መምህር ስለሆንኩ አሁን የራሴን ሠንጠረዥ ልጠራጠር። ከዘጠኝ አራት ማለት 44 በመቶ ነው ብለናል። ነገር ግን ዘጠኝ ጊዜ ብቻ የተሞከረ ነገር በዕድል ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል። በተለመደው የ95 በመቶ የመተማመኛ ስሌት እውነተኛው መጠን ከ19 እስከ 73 በመቶ ባለው ክልል የትም ሊሆን ይችላል። የቴሌግራሙ ደግሞ ከግማሽ በመቶ ባነሰ ጀምሮ እስከ 11 በመቶ ድረስ ነው። ሁለቱ ክልሎች አይነካኩም፤ ስለዚህ ሰው የነገረው ከቴሌግራም እንደሚሻል በድፍረት መናገር እንችላለን። የሰሌዳው ክልል ግን ከአምስት እስከ 48 በመቶ ስለሚደርስ ከቴሌግራም ጋር ይደራረባል፤ የተሻለ ይመስላል እንጂ ተረጋግጧል አይባልም። በድረ ገጽና በጋዜጣ መካከል ያለውን ልዩነት ከነጭራሹ አትመኑት፤ አንድ ቃለ መጠይቅ ብትጨመር ወይም ብትቀነስ ይገለበጣል።

ያለ ስሌት የምትይዙት አንድ ቀላል ደንብ ልስጣችሁ። አንድ ምንጭ ምንም ቃለ መጠይቅ ካልሰጣችሁ ሦስትን ለማመልከቻው ብዛት አካፍሉ። የምታገኙት ቁጥር የዚያ ምንጭ እውነተኛ መጠን ሊደርስበት የሚችለው ጣሪያ ነው። አሥር ጊዜ ሞክራችሁ ዝም ከተባላችሁ ጣሪያው ገና 30 በመቶ ነው፤ ያንን ደጅ ትታችሁ ብትሄዱ ቸኩላችኋል። ሠላሳ ጊዜ ዝም ከተባላችሁ ጣሪያው ወደ አሥር በመቶ ይወርዳል፤ አሁን መተው ምክንያት አለው።

ሌላው ስሕተት ገና ያልበሰለውን መቁጠር ነው። ትናንት የገባ ማመልከቻ መልስ አልመጣለትም ብሎ ከከሸፉት ጋር መደመር ምንጩን መበደል ነው። በወጣቱ ደብተር ጥሪ ከመጣላቸው መካከል በጣም የዘገየው ከገባ በስድስተኛው ሳምንት የመጣ የሰሌዳ ማስታወቂያ ነበር፤ ቴሌግራሙ በሁለተኛው ሳምንት ነው የመለሰው። ስለዚህ ለየምንጩ የየራሱን የመጠበቂያ ጊዜ አበጀን። ጊዜው ያልሞላው ማመልከቻ «በመጠበቅ ላይ» ተብሎ ከስሌቱ ውጪ ይቀመጣል። ያሳየኋችሁ ሠንጠረዥ ጊዜያቸው የሞላውን ብቻ የያዘ ነው።

ምንጩ ነው ወይስ ሌላ ነገር?

እስካሁን «ይህ ምንጭ ከዚያ ይሻላል» እያልኩ ተናገርኩ። ይበልጥ የሚጠቅመው ጥያቄ ግን «ለምን?» የሚለው ነው። የሥራ ልምድ የተመዘገበበትን ዓምድ ስናይ መልሱ ግማሽ ያህል ተገለጠ። ከ48ቱ የቴሌግራም ማስታወቂያዎች 30ዎቹ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ልምድ የሚጠይቁ ነበሩ። ወጣቱ ዜሮ ዓመት ልምድ ነበረው። ለምን እንዳመለከተ ስጠይቀው «በአንድ ንክኪ ስለሚላክ» አለኝ። ሰሌዳ ፊት ቆሞ፣ መንገድ ሄዶ፣ ቅጂ አስነስቶ የሚያስገባ ሰው ግን የማይመለከተውን አያስገባም። ልምድ የማይጠይቁትን 18 ብቻ ብንወስድ የቴሌግራሙ መጠን ከሁለት ወደ አምስትና ስድስት በመቶ ያድጋል። የሰሌዳውና የቴሌግራሙ ልዩነት ከፊሉ የምንጩ ሳይሆን የአመልካቹ ጥንቃቄ ልዩነት ነበር።

ሌላው ግማሽ ያለው «ሰው የነገረው» በሚለው መስመር ውስጥ ነው። ስለ ዘመድ ሥራ ብዙ የሚነገር ስላለ ይህን ስታዩ ልባችሁ ወደዚያ እንደሚሄድ አውቃለሁ። ደብተሩ ግን ሌላ ነገር ይላል። ከአራቱ ቃለ መጠይቆች ሦስቱን የጠቆሙት ከአንድ ዓመት በፊት የተመረቁ የሚያውቃቸው ልጆች፣ አንዱን ደግሞ የተግባር ልምምድ ያደረገበት መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪው ነበሩ። አባቱ ተስፋ የጣለበት አጎት ሁለት ማስታወቂያ ነግሮት ሁለቱም ባዶ ቀሩ። ማርክ ግራኖቬተር የተባለው አሜሪካዊ የማኅበራዊ ሳይንስ ምሁር እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ1974 ባሳተመው ጥናት በቦስተን አቅራቢያ በምትገኝ ከተማ ያገኘው ይህንኑ ነው፤ የሥራ ወሬ ይዘው የመጡት በየቀኑ የሚገናኙ የቅርብ ሰዎች ሳይሆኑ አልፎ አልፎ የሚታዩ የሩቅ ትውውቆች ነበሩ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የቅርብ ሰዎቻችን የሚያውቁት እኛ የምናውቀውን ነው።

ከአራቱ ሁለቱ ደግሞ በቴሌግራምም የወጡ ነበሩ። ልጆቹ የሰጡት የማስታወቂያውን ወሬ አልነበረም፤ «መሥሪያ ቤቱ ከአመልካቹ የሚፈልገው የፒችትሪ ችሎታ ነው፤ በማመልከቻህ የመጀመሪያ መስመር ላይ ጻፈው» የሚል ምክር ነበር። እንግዲህ በሩን የከፈተው ማን እንደሆነ አስተውሉ። በሩን የከፈተው ችሎታው እንዲታይ መደረጉ ነው።

ይህ የአንድ ልጅ ገጠመኝ ብቻ አይደለም። ግሩም አበበ፣ ስቴፋኖ ካሪያ፣ ማርሴል ፋፍሻምፕ፣ ፓኦሎ ፋልኮ፣ ሳይመን ፍራንክሊንና ሳይመን ኩዊን በአዲስ አበባ ወጣት ሥራ ፈላጊዎች ላይ ያደረጉት፣ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ2021 የታተመ ጥናት አለ። በዕጣ ከተመረጡት ወጣቶች አንዱ ወገን ወደ መሐል ከተማ፣ የማስታወቂያ ሰሌዳዎች ወዳሉበት ለመመላለስ የትራንስፖርት ድጎማ ተሰጠው። ሌላው ወገን ማመልከቻና የሕይወት ታሪክ አጻጻፍ ሠልጥኖ፣ ችሎታው ተፈትኖ የምስክር ወረቀት ተሰጠው። ሁለቱም በመጀመሪያ ጊዜ የሥራቸው ሁኔታ ተሻሻለ። ከአራት ዓመት በኋላ ግን የድጎማው ውጤት አልታየም፤ የሠለጠኑትና ችሎታቸው የተመሰከረላቸው ወጣቶች ገቢ ግን ከፍ ብሎ ተገኘ። ወደ ደጁ መድረስ አንድ ነገር ነው፤ ደጁ ላይ ቆሞ መታወቅ ሌላ ነገር ነው።

ምን ተደረገ?

ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ወጣቱ ሦስት ነገር ለወጠ። ከልምዱ በላይ የሚጠይቀውን ተወ። በአካል ማስገባት የሚጠይቅ የጋዜጣ ማስታወቂያ ሲያገኝ ሁለተኛ ጉዳይ እስኪደርስለት ጠብቆ በአንድ ጉዞ ያስገባል፤ ቀኑ ካለፈ ይቀራል። በማንኛውም ምንጭ ያየውን ማስታወቂያ ከማስገባቱ በፊት ደግሞ በዚያ መሥሪያ ቤት ወይም በተመሳሳይ ሥራ ያለ አንድ የሚያውቀውን ሰው ስለ ሥራው ይጠይቃል። የሚጠይቀው «አስገባኝ» ብሎ አልነበረም፤ «ሥራው ምንድን ነው?» ብሎ ነው። በእነዚያ ሦስት ወራት 40 ማመልከቻ አስገብቶ እንደገና ዘጠኝ ቃለ መጠይቅ አገኘ። ጉዞው ከ31 ወደ 14 ወረደ።

ይህን ውጤት ግን ሙሉ በሙሉ ለአዲሱ ዘዴ አልሰጥም። የመንግሥት የበጀት ዓመት ከሐምሌ እስከ ሰኔ ስለሆነ መሥሪያ ቤቶች በተለያየ ወር በተለያየ ፍጥነት ይቀጥራሉ። ሁለት የተለያዩ ወቅቶችን ያወዳደረ ሰው ዘዴውን ሳይሆን ወቅቱን መዝኖ ሊሆን ይችላል። አራተኛው በግ አልተሸጠም፤ ይህን በእርግጠኝነት መናገር እችላለሁ። ወጣቱ በሰኔ ወር በአንድ የወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ሥራ ጀመረ። ማስታወቂያውን ያየው በሰሌዳ ነው፤ ስለ ሥራው የጠየቀው ደግሞ አንዲት የቀድሞ የክፍል ጓደኛውን ነበር። በደብተሩ ላይ በየትኛው ምንጭ እንደጻፈው ስጠይቀው «በሁለቱም ዓምድ፣ መምህር» አለኝ። ትክክል ነው። የታየበትና የተረዳበት ለየብቻ የተመዘገበው ለዚህ ነበር።

ከተጠየቁት ጥያቄዎች አንዱ

ከግሼ ራቤል የመጣች አንዲት ተመራቂ እንዲህ ስትል ጠየቀች፦ «እኛ ጋ ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር፤ መንገድም የሚዘጋበት ጊዜ አለ። በዚያ ጊዜ የነበረውን እንዴት እንቁጠረው?»

መልሴ ይህ ነበር። ልጄ፣ የተዘጋ ደጅና ያልተከፈተልሽ ደጅ አንድ አይደሉም። ኢንተርኔት በሌለበት ወር የላክሽው መልእክት ካልደረሰ፣ ወይም ተጠርተሽ መንገድ ተዘግቶብሽ ከቀረሽ፣ ያንን መስመር አትሰርዢው፤ «መንገድ አልነበረም» ብለሽ ጻፊና ከስሌቱ አውጪው። ካላወጣሽው ቴሌግራም ወይም የአዲስ አበባ ጋዜጣ ለአንቺ የማይሆን ምንጭ ይመስልሻል፤ መንገዱ ሲከፈትም ሳትሞክሪው ትቀሪያለሽ። ነገር ግን የእነዚያን መስመሮች ብዛት ለብቻው ቁጠሪ። ከተጠራሽባቸው ቃለ መጠይቆች ሦስቱ በመንገድ ምክንያት ካመለጡሽ ችግሩ ከምንጩ ላይ የለም፤ ለጥቂት ወራት ደብረ ብርሃን ወይም መሐል ሜዳ ዘመድ ቤት ተጠግተሽ መፈለግ ይሻልሽ እንደሆነ የምታውቂው በዚያ ቁጥር ነው። የቤት ኪራዩንና የጉዞውን ወጪ አስተያይተሽ ውሳኔውን ከቤተሰብሽ ጋር ትወስኛለሽ።